«መዘንጋት የለበትም» እያልን የዘነጋነው

ባለፈው ሰሞን ስለ ታክሲ ጽፈን ነበር። ማታ ማታ መስመር እየቆረጡ ስለሚጭኑት ሚኒባሶች። የአንዳችን እናት መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡትና «ጥሩ ነው ልጆቼ፤ እና ምን ይሁን ነው የምትሉት?» አሉን። እርስ በርስ ተያየን። ጽሑፉን መልሰን ብናነበው ለካ ምንም አላልንም!

ከጽሑፉ ዋናው አንቀጽ እነሆ፤ እንዳለ ነው የምናቀርበው፦

«እንደሚታወቀው የትራንስፖርት እጥረት ከከተማችን ዋና ዋና ችግሮች አንዱ ነው። በአሁኑ ወቅትም አንዳንድ የታክሲ አሽከርካሪዎች መስመር እየቆረጡ እንደሚጭኑ ይነገራል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ሁሉም አሽከርካሪዎች እንዲህ ያደርጋሉ ማለት እንዳልሆነ ነው። ይሁንና ድርጊቱ ተሳፋሪውን ለተጨማሪ ወጪ እየዳረገው መሆኑ መዘንጋት የለበትም። በመሆኑም የሚመለከታቸው አካላት ጉዳዩን በትኩረት ሊያዩት ይገባል።»

የጋዜጠኝነት ትምህርት የጨረስን ሰዎች የጻፍነው ነው፤ እንዳትስቁ። «ይነገራል» ብለናል። ማነው የተናገረው? እኛው ራሳችን ሜክሲኮ ተሰልፈን፣ ተጋፍተን፣ ሁለት ጊዜ ከፍለን የገባን ሰዎች ነን። በዓይናችን ያየነውን የሰማነው አስመስለን ጻፍነው። «መዘንጋት የለበትም» ብለናል። ማን ዘነጋው? ሁለቴ የከፈለ ሰው አይዘነጋም፤ ኪሱ ያስታውሰዋል። «ሁሉም አሽከርካሪዎች ማለት አይደለም» ብለናል። ሁሉም ነው ያለ ሰው ግን አልነበረም። ያልቀረበብንን ክስ ስንከላከል ግማሽ አንቀጽ አለቀ። «የሚመለከታቸው አካላት»ን እንለፋቸው፤ እስከ ዛሬ በዚህ ስም ተጠርቶ «አቤት» ያለ መሥሪያ ቤት አላጋጠመንም።

አማርኛችን ለዚህ ሽሽት የተመቸ ነው። ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ሐሳቡን ከተናገርን በኋላ እንኳ መመለሻ በር አለን። «ስህተት ነው» ብሎ መጨረስ ይቻላል። «ስህተት ነው ብለን እናምናለን» ሲባልም ደህና ነው፤ ቢያንስ የሚያምን ሰው አለ። «ስህተት ነው ተብሎ ይታመናል» ሲሆን ግን አማኙ ጠፋ። «ስህተት ሊሆን እንደሚችል ተደርጎ ሊወሰድ ይችላል» ላይ ስንደርስ ስህተቱም አብሮ ጠፋ። በዚህ ሁሉ መንገድ አንድም አዲስ መረጃ አልጨመርንም። የጨመርነው ግስ ብቻ ነው።

አንድ ወዳጃችን «ይሄ እኮ ባህላችን ነው፤ ሰምና ወርቅ ያለን ሕዝብ ነን» ብሎ ተከራከረን። አልተስማማንም። ቅኔ የሚቀኝ ሰው ወርቁን ደብቆ ያስቀምጣል እንጂ ወርቅ ሳይኖረው ሰም አያቀልጥም። የእኛን «ልብ ሊባል ይገባል» ቢቆፍሩት ከሥሩ የሚገኝ ነገር የለም።

ፍርሃትስ? አዎ፣ ፍርሃት አለ። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ስድስት የዞን ዘጠኝ ጦማሪያንና ሦስት ጋዜጠኞች መታሰራቸውን እናስታውሳለን። በዚህ አገር የሚጽፍ ሰው ለምን ይጠነቀቃል ብለን አንጠይቅም። ግን ስለ ታክሲ ስንጽፍ ማንን ፈርተን ነው? ልማድ ሆኖብን ነው። የሚያስፈራ ጉዳይ ሲመጣ ደግሞ የእኛ አቋም ይሄ ነው፤ መጻፍ ካልቻልን እንተወው። በ«ይባላል» ተሸፍኖ የወጣ ክስ ጸሐፊውን ከአደጋ ማዳኑ ያጠራጥራል፤ የተከሰሰው ሰው ግን መልስ የሚሰጠው አካል እንዳያገኝ ያደርገዋል።

ወደ አንቀጻችን እንመለስ። መጀመሪያ ያደረግነው እነዚያን ሐረጎች መሰረዝ ነበር። ሰረዝናቸው። የቀረው «ታክሲዎች መስመር ይቆርጣሉ፤ ተሳፋሪው ሁለቴ ይከፍላል» የሚል ብቻ ሆነ። እውነት ነው፤ አስተያየት ግን አይደለም። ያኔ ነው የደነገጥነው። ሐረጎቹ ሐሳባችንን የሸፈኑት መስሎን ነበር፤ እነሱ ግን ሐሳብ አለመኖሩን ነበር የሸፈኑት።

ስለዚህ ተቀምጠን ተጨቃጨቅን። አንዷ «ሹፌሩ ይቀጣ፤ አለቀ» አለች። ሌላው «ሹፌሩ ለምን ይቆርጣል?» ብሎ ወረቀት አወጣ። ታሪፉ በርቀት እርከን የተከፋፈለ ነው፤ ሁለት አጭር ጉዞ ሲደመር ከአንድ ረጅም ጉዞ በላይ ያስከፍላል። በዚያ ላይ በሥራ መውጫ ሰዓት ሰልፉ ያለው ሜክሲኮ ነው፤ አየር ጤና ድረስ የሄደ ታክሲ ሲመለስ ባዶውን ነው። ጦር ኃይሎች ላይ አራግፎ የተመለሰው ግን ወዲያው ይሞላል። ሁለት ሰዓት ተኩል ከተከራከርን በኋላ ይህን ጻፍን፦

«ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ሜክሲኮ የተሳፈርንበት የአየር ጤና ታክሲ ጦር ኃይሎች ላይ አውርዶን ተመለሰ። ሌላ ይዘን ሁለተኛ ከፈልን። ሹፌሩ ይህን የሚያደርገው ስለሚያዋጣው ነው፤ የሚያዋጣውም ታሪፉ ረጅሙን መስመር የሚጎዳ ስለሆነ ነው። ቅጣት ብቻውን አያቆመውም። የአዲስ አበባ ትራንስፖርት ቢሮ በሥራ መውጫ ሰዓት የሙሉውን መስመር ዋጋ ከፍ ያድርግ፤ ከዚያ በኋላ የሚቆርጠውን ይቅጣ። ተሳፋሪው ጥቂት ይጨምራል፤ ሁለቴ ከመክፈል ግን ይድናል። ይህን የምንለው ስለምንመላለስበት መስመር ነው፤ ሌሎቹን አላየንም።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ማስተባበያ አይደለም ወይ የሚለን ይኖራል። አይደለም። ምን እንደማናውቅና ለምን እንደማናውቅ ለይቶ ይናገራል፤ አንባቢው የቱን ያህል እንደሚያምነን ይወስንበታል። ፍርድ ቤት ያልወሰነበትን ሰው «ተጠርጣሪ» ማለትም እንዲሁ ነው። ተጠርጣሪ መሆኑ እውነት ነው፤ ማን እንደጠረጠረውም ይታወቃል። «ወንጀሉን ፈጽሟል ተብሎ ይታመናል» የሚለው ግን ጠርጣሪውንም ይደብቃል፣ ሰውየውንም ወንጀለኛ ያደርጋል።

አሁን አንድ መፈተኛ ይዘናል። ከጻፍነው ውስጥ ዋናውን ዓረፍተ ነገር እናወጣና እንገለብጠዋለን። «ጉዳዩ ትኩረት ሊሰጠው ይገባል» ሲገለበጥ «ትኩረት ሊሰጠው አይገባም» ይሆናል። እንዲህ የሚል ሰው ካላገኘን የመጀመሪያውም አቋም አልነበረም ማለት ነው። «የሙሉው መስመር ዋጋ ይጨመር» ሲገለበጥ ግን «አይጨመር» ነው፤ እንዲህ የሚል ሰው ለማግኘት ብዙ አልተጓዝንም።

አዲሱን አንቀጽ ለእኚያው እናት ወሰድንላቸው። አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ። «አሁን ገባኝ» አሉ። «ግን ተሳስታችኋል። ታሪፉ ይጨመራል፣ እነሱም ይቆርጣሉ፤ እኔ ሁለቴ የምከፍለው ጨምሬ ይሆናል።» ቡና እስኪፈላ ድረስ ተከራከርናቸው፤ አላሸነፍናቸውም። ታሪፉ ይጨመር የሚለውን ግን አሁንም አልተውነውም፤ እሳቸው ያነሱትን ይዘን «ቅጣቱ ከጭማሪው በፊት ይምጣ» ብለን ቅደም ተከተሉን ቀይረናል።