ጸጋ ወይስ ሙቀጫ?

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ለሰው ልጅ ከሆነ አልከራከርም። የበርበሬ ከረጢት ላይ የሚታተመውን ስም ግን መልአክ አያወጣውም። ባለቤቷ ታወጣዋለች፣ ማተሚያ ቤቱ ያስከፍልበታል፣ ገበያው ይፈርድበታል። እኛ ግን ሱቅ ስንከፍት ልጅ ክርስትና የምናነሳ ይመስል ምርቃት እንደረድራለን፦ በረከት፣ ረድኤት፣ ሲሳይ፣ ጸጋ። ከዚያ "ትርጉሙ እንዴት ደስ ይላል!" ብለን እንጨርሰዋለን። ዛሬ የምሟገተው ከዚህ ልማድ ጋር ነው።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ሁለት እህትማማቾች አዲስ አበባ ውስጥ በርበሬና ሽሮ እያዘጋጁ ለመሸጥ ተነስተዋል። ለስም ሁለት ሐሳብ ቀርቧል። ታላቅየዋና እናታቸው "ጸጋ ባልትና" ይላሉ። ታናሽየዋ "ሙቀጫ ባልትና" ትላለች። እናት ሙቀጫን ሲሰሙ "ሰው ይስቅብናል" ብለዋል። ክርክሩን እዚህ እንዳቀርበው ፈቅደውልኛል። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ ታናሽየዋ ትክክል ናት።

በማስታወስ እንጀምር። የጸጋ ደጋፊዎች "አጭር ነው፣ ለአፍም ይቀላል" ይላሉ። እውነት ነው። ነገር ግን ለመጥራት መቅለልና ከአእምሮ አለመጥፋት ለየቅል ናቸው። አንዲት ደንበኛ ግማሽ ኪሎ በርበሬ ወስዳ ወደደችው እንበል። ከወር በኋላ ጎረቤቷ "ከየት ነው የገዛሽው?" ስትላት ምን ትመልሳለች? "እንትን ባልትና... በረከት ነው? ረድኤት? ብቻ እንደዚያ ያለ ስም ነው።" እነዚህ ቃላት በአእምሯችን ውስጥ አንድ መደርደሪያ ላይ የተቀመጡ ናቸው፤ አንዱን ስንፈልግ ሌላው እጃችን ላይ ይመጣል። ሙቀጫ ግን በዓይን የሚታይ ዕቃ ነው። ድምፁም ከልጅነታችን ጀምሮ ጆሯችን ውስጥ አለ። ስሙ ቢጠፋት እንኳ "ያቺ መውቀጫዋ ያለችበት" ትላለች፣ ጎረቤቷም ታገኘዋለች። እናት የፈሩት ሳቅም ጉዳት የለውም፤ ሰው የሳቀበትን ስም አይረሳም።

ሁለተኛው የማስታወስ ፈተና ጽሕፈት ነው። ዛሬ ደንበኛ ስሙን የሚፈልገው ስልኩ ላይ ነው። ጸጋን አንዱ በጸሎቱ "ጸ"፣ ሌላው በፀሐዩ "ፀ" ይጽፈዋል። ለእኛ አንድ ድምፅ ናቸው፤ ለስልኩ ግን ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው፣ ብዙ ጊዜም አንዱን የጻፈ ሌላውን አያገኝም። ይህ ጸጋ ላይ ብቻ የሚደርስ አይደለም። ሱቁን "ፀሐይ" ያለ ሰው ሁለቱን የ"ፀ" ፊደላት ከሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ እና ኃ ጋር ሲያባዛ 12 አጻጻፍ ያገኛል። ሙቀጫ በፊደላችን አንድ አጻጻፍ ብቻ ነው ያለው።

ሚዛኑን ላለማጓደል የሙቀጫንም ድካም ልናገር። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ይንሸራተታል፤ አንዱ Mukecha ሲል ሌላው Muqecha ይላል። ዋሽንግተን ላለች እህቱ በርበሬ የሚልክ ሰው ይህ ይገጥመዋል፤ እዚያ የተወለዱት ልጆችም "ቀ" እና "ጫ" ላይ ይደናቀፋሉ። መፍትሔው አንዱን አጻጻፍ መርጦ ከረጢቱ ላይም ቻናሉ ላይም ያንኑ ብቻ መጠቀም ነው። ጸጋም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም፤ Tsega የሚለው አለ፣ Xega የሚለውም አለ።

አሁን ወደ ትርጉም። ዋናው ጠባችን እዚህ ነው። "ጸጋ ጥልቅ ትርጉም አለው፤ ሙቀጫ ምን ትርጉም አለው?" ይባላል። የጸጋ ትርጉም ጥልቅ መሆኑን ማንም አይክድም። ጥያቄው ስለ በርበሬው ምን ይናገራል የሚለው ነው። ምንም። ጸጋ ፋርማሲ፣ ጸጋ ጎማ ጥገና፣ ጸጋ የውበት ሳሎን ቢባል እኩል ያስኬዳል። ለሁሉም የሚሆን ትርጉም የማንም መለያ አይሆንም።

"እንግዲያው በቀጥታ ንጹሕ በርበሬ እንበለው" የሚል ካለ ደግሞ ወደ ሌላኛው ገደል ገባ። ዕቃውን በቀጥታ የሚገልጽ ስም ለአንድ ሰው ብቻ ሊሰጥ አይችልም፤ ሌላውም ነጋዴ ንጹሕ በርበሬ እሸጣለሁ ማለት መብቱ ነው። አገራችን ራሷ ይህን ቀምሳዋለች። በ1997 ዓ.ም. ሲዳሞን፣ ሐረርንና ይርጋጨፌን አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ስታመለክት፣ የአሜሪካው ቢሮ ሲዳሞንና ሐረርን በመጀመሪያ ውድቅ ያደረገው ስሞቹ የቡና ዓይነት መጠሪያ ሆነዋል በሚል ነበር። መንግሥት ያን ያህል ከተከራከረበት፣ ሁለት እህትማማቾች አይችሉትም። ሙቀጫ መካከል ላይ ነው ያለው፦ የዕቃው ስም አይደለም፣ ግን ወደ ዕቃው ይመራል።

ከሁሉ በላይ ግን ሙቀጫ ቃል ኪዳን ነው። በርበሬ በወጉ ሲዘጋጅ ተቀንጥሶ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ይወቀጣል። ከዚያ እንደገና ይሰጣል፣ ኮረሪማውና ሌላው ቅመም ታምሶ ይገባበታል፣ በመጨረሻ ወፍጮ ቤት ይሄዳል። ጊዜ ለመቆጠብ መውቀጡን የሚዘል ብዙ ነው። "ሙቀጫ" ብለው የለጠፉ ሴቶች ግን ቢዘሉት ደንበኛ "ሙቀጫችሁ የታለ?" ይላቸዋል። ጸጋን ማን እንዲህ ብሎ ይጠይቃል? የስም ትርጉም ለእኔ ይህ ነው፦ ገዢ ባለቤቱን የሚይዝበት እጀታ። ስለዚህ እህትማማቾቹ መውቀጡን ለመተው ካሰቡ፣ ወይም ነገ ጭማቂ ቤት ለመክፈት ከፈለጉ፣ ሙቀጫን አይንኩት።

ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም። በርበሬ ውስጥ ባዕድ ነገር ይቀላቀላል የሚለውን ስጋት ሁላችንም እናውቀዋለን። አንድ ሰፈር ውስጥ ሦስት ጸጋ ባልትና ቢኖሩና አንዱ ሲያጭበረብር ቢያዝ፣ ወሬው "ጸጋ" ብሎ ነው የሚሮጠው። ያላጠፉት ሁለቱ አብረው ይከስራሉ። የሚለይ ስም ንጹሑን ከአጭበርባሪው የሚለይ አጥር ነው።

አጥሩ ግን በወረቀትም መታጠር አለበት፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የንግድ ስም በአዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት ይመዘገባል፤ በሌላ ሰው ስም ከተያዘ ወይም አሳሳች በሆነ ደረጃ ከተመሳሰለ አይፈቀድም። ይህ ምዝገባ ግን ከረጢቱ ላይ ላለው ምልክት ጥበቃ አይሆንም። የንግድ ምልክት የሚመዘገበው በአዋጅ ቁጥር 501/1998 ሲሆን፣ ቦታውም የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለስልጣን ነው። ጥበቃው 7 ዓመት ይቆያል፣ ከዚያ ይታደሳል። ሁለቱንም ሳያጣሩ ከረጢት ማሳተም ገንዘብ ማቃጠል ነው።

ፍርዴን ያልተቀበለ ራሱ ይፈትሽ። ሁለቱን ስሞች ለማያውቋቸው አሥር ሰዎች በስልክ ይናገሩ፣ ያለ ማብራሪያ። ከሳምንት በኋላ ደውለው "ምን ብዬህ ነበር?" ይበሉ፣ በጽሑፍም እንዲልኩ ይጠይቁ። የሚመጣውን መልስ ይቁጠሩት። እናትም ቁጥሩን ሲያዩ ይፍረዱ።

ምርቃቱስ? ምርቃቱ ይቅር አላልኩም። እናት ሱቁ ሲከፈት ጸጋውን በአፋቸው ይመርቁ፤ ከረጢቱ ላይ ግን ሙቀጫ ይታተም።