ስፓም ውስጥ የቀረው ማመልከቻ

ኢሜይል ልከን መልስ ሲጠፋ ቶሎ የሚመጣብን ሐሳብ «ናቁን» የሚል ነው። ብዙ ጊዜ ግን መልእክቱን ያየው ሰው የለም። በተቀባዩ ኢሜይል ላይ ከዋናው ሳጥን ሌላ ስፓም የሚባል ሳጥን አለ፤ አጠራጣሪ የመሰለ መልእክት የሚጣለው እዚያ ነው። በጂሜይል እዚያ የገባ መልእክት 30 ቀን ቆይቶ በራሱ ይጠፋል። አስቸጋሪው ነገር ላኪው ምንም አለማወቁ ነው። ፋይሉ ከልክ በላይ ከብዶ ተቀባዩ ጋ ሳይገባ ቢቀር «አልደረሰም» የሚል ማስታወቂያ ተመልሶ ይመጣል። ስፓም ውስጥ ሲገባ ግን በላኪው ስልክ ላይ «ተልኳል» ብሎ ዝም ይላል።

ለእኛ ለአሶሳ ወላጆች ይህ የእንጀራ ጉዳይ ነው። በከተማችንና በሸርቆሌ፣ በባምባሲና በጾሬ የስደተኞች መጠለያዎች የሚሠሩ የእርዳታ ድርጅቶች ብዙውን ጊዜ ማመልከቻ የሚቀበሉት በኢሜይል ነው። ልጅ አስተምሮ ያስመረቀ ቤተሰብ ሁሉ ከዚህ መንገድ ጋር መገናኘቱ አይቀርም።

የጎረቤቴ ልጅ ባለፈው ጊዜ ለአንድ እንዲህ ላለ መሥሪያ ቤት አመለከተች። ዲግሪዋን፣ የውጤት ማስረጃዋን፣ የመውጫ ፈተና ውጤቷንና መታወቂያዋን በስልኳ ፎቶ አነሳች፤ ሰባት ፎቶ ሆነ። እያንዳንዱ 4 ሜጋባይት ያህል ስለነበር ድምሩ 28 ደረሰ። ጂሜይል ደግሞ በአንድ መልእክት ከ25 ሜጋባይት በላይ ማያያዝ አይፈቅድም፤ የበለጠውን ወደ ጉግል ድራይቭ አስገብቶ በምትኩ ሊንክ ያስቀምጣል። የማመልከቻ ደብዳቤዋንም በእጇ ጽፋ ፎቶ አነሳችና መልእክቱ ላይ ለጠፈችው። ከሥሩ የፌስቡክ፣ የቴሌግራምና የቲክቶክ ገጾቿን ሊንክ ደረደረች። ርእስ አልጻፈችም። በዚያው ቀን ከተከፈተ አዲስ አድራሻ፣ ለአሥራ አንድ መሥሪያ ቤቶች በአንድ ጊዜ ላከችው።

የማመልከቻው ቀን ሊያበቃ ሁለት ቀን ሲቀረው እናቷ መጥተው «እባክህ፣ የልጅቷን ነገር እይልኝ» አሉኝ። የተላከውን መልእክት ሳየው የት እንደገባ ገመትኩ። ወደ አንደኛው መሥሪያ ቤት ስልክ እንድትደውል አደረግን። የቢሮው ሠራተኛ ፈልገው ከስፓም ውስጥ አገኙት፤ የድራይቩ ሊንክ ግን ፈቃድ ስላልተሰጠው አልከፈትላቸው አለ።

ማጣሪያው የልጅቷን ቅንነት የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የሚያየው የመልእክቱን መልክ ነው። ስፓምአሳሲን የሚባል፣ ብዙ የኢሜይል አገልጋዮች የሚጠቀሙበት ነጻ ሶፍትዌር አሠራሩን በግልጽ ያሳያል። ለእያንዳንዱ አጠራጣሪ ምልክት ነጥብ ይሰጣል፤ ካልተቀየረ በቀር ድምሩ 5 ከደረሰ መልእክቱ ስፓም ይባላል። የጂሜይል ማጣሪያ ከዚህ የረቀቀ ነው፤ የትኛውን ምልክት ስንት እንደሚቆጥርም ከውጭ ማወቅ አይቻልም። ሐሳቡ ግን ያው ነው፦ አንድ ምልክት ብቻውን እምብዛም አይጥልም፤ ሲደራረብ ይጥላል። የሚያውቁት ሰው አንድ ፋይል አያይዞ ቢልክልዎ በደህና የሚደርሰውም ለዚህ ነው።

ታዲያ ፋይል፣ ሊንክና ፎቶ ለምን ምልክት ሆኑ? ሌቦች አስቀድመው ስለተጠቀሙባቸው ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 የፍቅር ደብዳቤ የሚመስል ፋይል የተያያዘበት ኢሜይል ዓለምን አዳረሰ። የፋይሉ ስም LOVE-LETTER-FOR-YOU.TXT.vbs ነበር። ብዙ ኮምፒውተሮች የመጨረሻዋን .vbs ስለሚደብቁ ተራ ጽሑፍ ይመስላል፤ የከፈተው ሰው ግን ቫይረስ ያስነሳል፤ ቫይረሱም በአድራሻ መዝገቡ ላሉት ሁሉ ራሱን ይልካል። ከዚያ ወዲህ ማጣሪያዎች የተያያዘን ፋይል ከፍተው ይመረምራሉ። በይለፍ ቃል የተቆለፈ ዚፕ ፋይል ደግሞ ውስጡ ስለማይታይ ይበልጥ ያስጠረጥራል።

የሊንክ ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። የአጭበርባሪ ድረ ገጾች ስም የሚመዘገብባቸው ጥቁር መዝገቦች አሉ፤ ማጣሪያው በመልእክቱ ያሉትን ሊንኮች ከእነዚህ ጋር ያስተያያል። ከአምስት ሊንክ አንዱ እንኳ መጥፎ ስም ካለው መልእክቱ በሙሉ ይጎዳል። bit.ly እንዳለው ያለ ማሳጠሪያ ደግሞ መድረሻውን ስለሚሸፍን ቅን ሰውንም ከሌባ ጋር ያስመስላል።

ፎቶው ላይ ያለው ምክንያት ተንኮል የተሞላበት ነው። ማጣሪያዎች ቃላትን ማንበብ ሲጀምሩ አጭበርባሪዎች ማስታወቂያቸውን ጽፈው ወደ ሥዕል ይቀይሩት ጀመር፤ እ.ኤ.አ. በ2006 አካባቢ ኢሜይሉን ሁሉ አጥለቅልቆት ነበር። ስለዚህ ትልቅ ሥዕል ኖሮት ጽሑፉ አንድ መስመር ብቻ የሆነ መልእክት እስከ ዛሬ ይጠረጠራል። የልጅቷ ደብዳቤ ለእኛ ንጹሕ የእጅ ጽሑፍ ነው፤ ለማጣሪያው ግን ቃል የሌለበት ሥዕል ነበር።

እርማቱ ከአንድ ሰዓት በላይ አልወሰደም። ማስረጃዎቿን ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዳ በአንድ ፒዲኤፍ ስካን አስደረገች፤ ከ2 ሜጋባይት በታች ሆነ። ስልክ ላይ ያለው የጉግል ድራይቭ መተግበሪያም ወረቀት ስካን አድርጎ ፒዲኤፍ ያወጣል። ለፋይሉ የራሷን ስምና «ማስረጃ» የሚል ቃል ሰጠችው። በርእሱ ቦታ የሥራ መደቡን ስም ጻፈች። ደብዳቤውን ፎቶ ከማድረግ ይልቅ እዚያው መልእክቱ ላይ በአምስት ስድስት መስመር ተየበችው። ሊንኮቹን ሁሉ አነሳች። ለእያንዳንዱ መሥሪያ ቤትም ለየብቻ ላከችና ስልክ ደውላ መድረሱን ጠየቀች። በማግስቱ ከአንዱ ቢሮ «ደርሶናል» የሚል መልስ መጣ። ሥራው ገና አልታወቀም፤ ማመልከቻዋ ግን ቢያንስ ሰው ዘንድ ደርሷል።

እኛም ተቀባዮች ነን። ውጭ አገር ያለ ልጅ የሠርግ ፎቶ ሠላሳና አርባ አድርጎ በአዲስ አድራሻ ከላከ ስፓም ውስጥ ሊገባ ይችላል። «ልኬያለሁ» ብሎ ከደወለ ስፓምን ይክፈቱ፤ የእርሱ መሆኑን ካረጋገጡ Report not spam የሚለውን ይጫኑ፤ አድራሻውንም ይመዝግቡ። ማጣሪያው ከዚህ ይማራል።

ግን እዚያ ያለው ሁሉ ያለጥፋቱ የታሰረ አይደለም። «ዲቪ ደርሶዎታል፣ ይህን ተጭነው ይክፈሉ» የሚል መልእክት ቢያገኙ እዚያው ይተዉት። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዕጣ መውጣቱን በኢሜይል አያሳውቅም፤ አመልካቹ ራሱ በማረጋገጫ ቁጥሩ dvprogram.state.gov ላይ ገብቶ ነው የሚያየው። ላኪው ደውሎ ያልነገረዎትን መልእክት ከስፓም ከማውጣትዎ በፊት፣ ስሙን ብቻ ሳይሆን ከ@ በኋላ ያለውን አድራሻ አንድ በአንድ ያንብቡ።