ፊርማ የሚጠብቀው ወረቀት

«ሥራ በዝቶብኝ ነው» ይላል ሥራ አስኪያጁ። ጠረጴዛው ላይ የተቆለለው ግን የፈቃድ ቅጽ፣ የወጪ ማወራረጃና የግዥ መጠየቂያ ነው። ሁሉም የሚጠብቁት የእሱን ፊርማ ብቻ ነው። አንዳንዱ አለቃ እንዲያውም በር ላይ የሚጠብቅ ሰው ካላየ ሥልጣኑ የቀነሰ ይመስለዋል።

ጎፋ ማዞሪያ አካባቢ ያለ አንድ አከፋፋይ ድርጅት እናስብ። ሥራ አስኪያጁ ሰኞ ሀዋሳ ሄዶ ሐሙስ ተመለሰ። የመኪና ባትሪ ለመግዛት ሦስት ፕሮፎርማ ተያይዞ ቀርቦ ነበር፤ የዝቅተኛው ዋጋ የሚጸናው ግን እስከ ረቡዕ ነው። ሐሙስ ሲፈረም ሻጩ «ዋጋ ተቀይሯል» አለ። ግዥ ክፍሉ እንደገና ፕሮፎርማ ሊሰበስብ ወጣ፣ መኪናው ቆመ። ከኪሱ አውጥቶ ጎማ ያስጠገነው ሹፌርም ገንዘቡን ገና እየጠበቀ ነው።

መፍትሔው ብዙ መፈረም አይደለም። ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ለዚሁ ብቻ ይያዝ። ጸሐፊዋ በየወረቀቱ ላይ የገባበትን ቀንና ከዚያ ወዲያ የማይጠቅምበትን ቀን ትጻፍ፤ ወረቀቱ የሚታየው በዚህ በሁለተኛው ቀን ቅደም ተከተል እንጂ በአመጣጡ አይደለም። ሰዓቱ ሲያበቃ ሁሉም ወረቀት ከጠረጴዛው ይነሳ፦ ወይ ጸድቆ፣ ወይ ተከልክሎ፣ ወይ ጉድለቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተጽፎበት ተመልሶ። «ይጠና» የሚባል ምሪት መልስ አይደለም።

ከዚህ ሰዓት ውጭ መሆን ያለበትም አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የቅርብ ዘመድ ለሞተበት ሠራተኛ ሦስት የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ለቅሶ ዓርብን አይጠብቅም፤ የክፍል ኃላፊው በዕለቱ ይፈርም። የዓመት ፈቃድም በፕሮግራም አስቀድሞ ከተያዘ ፊርማው ማመሳከር ብቻ ይሆናል።

ለአነስተኛ ወጪ ደግሞ የጽሑፍ ውክልና ይሰጥ፤ ለምሳሌ እስከ 5,000 ብር። «ይሰርቁናል» የሚለው ሙግት እዚህ ላይ ይነሳል። ስጋቱ እውነት ነው፤ ጠያቂው ራሱ አጽዳቂ መሆን የለበትም። አጭበርባሪው የ9,800 ብር ግዥ ለሁለት ከፍሎ ከጣሪያው በታች ያሳልፋል። ይህ ግን የሚታይ ነገር ነው፦ ያው ሻጭ፣ ያው ሳምንት፣ ሁለት የ4,900 ብር ደረሰኞች። ሥራ አስኪያጁ ዓርብ ዓርብ በውክልና የወጣውን ዝርዝር ቢያይ ያገኘዋል። ሁሉን ራሱ የሚፈርም አለቃ ግን ከመቶ ወረቀት መሀል ተመሳሳዮቹን አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ አያያቸውም።

«እኔ አላዘገይም» የሚል ካለ፣ መጨረሻ የፈረማቸውን ሃያ ወረቀቶች ያውጣ። የገባበትን ቀን ከተፈረመበት ቀን ይቀንስ። አማካዩን ይተወውና ከሁሉ የዘገየው የማን ወረቀት እንደነበር ይመልከት። ብዙ ጊዜ የሹፌሩ ነው፤ በሩን ማንኳኳት የሚያፍረው እሱ ስለሆነ።