ስልክ ቁጥራችሁ የእናንተ አይደለም

እህቴ ጅዳ ሰው ቤት ስድስት ዓመት ሠርታ ባለፈው ዓመት ወደ አገሯ ተመለሰች። ይዛው የመጣችው ስልክ በሦስተኛው ወር ከእጇ ወድቆ ስክሪኑ ጨለመ፤ መርካቶ ሄደን ሌላ ገዛን። ማታ ቡና እየተፈላ አጠገቤ ቁጭ ብላ ኢሜይሏን ልትከፍት ፓስዎርዷን አስገባች። ፓስዎርዱ ትክክል ነበር። ቀጥሎ የመጣው ገጽ ግን በ41 ወደሚያልቀው ስልክ ባለ ስድስት አኃዝ ኮድ መላኩን ነገራት። በ41 የሚያልቀው የሳዑዲ ቁጥሯ ነው። ሲሙን ልትሳፈር ስትል አውጥታ ጥላዋለች።

«ጋሼ፣ እስቲ ደውልበት» አለችኝ። ደወልኩ። አንድ ሰው አነሳ፤ ስልኩን ተቀብላ በዓረብኛ አናገረችው። ቁጥሩን በቅርቡ የገዛ ሰው ነው። የማያውቃቸው ኮዶች በየጊዜው እየመጡበት ግራ እንደተጋባ ነገራት። አሁን የገባውን ኮድ ብቻ እንዲያነብላት ለመነችው። «ኮድ ለማንም እንዳትናገር ተብያለሁ» አለና ዘጋው። አልፈረድኩበትም። እኔም ብሆን አላነብም፤ እናንተም እንዳታነቡ።

ለኢሜይል ኩባንያው ማመልከቻ ሞላን፤ ጠበቅን። ማንነቷን ማረጋገጥ እንዳልቻሉ ጻፉልን። ደግመን ሞላን፤ ያው መልስ መጣ። እዚያ ውስጥ እናታችን ስድስት ዓመት ሙሉ የላከችላት የልጇ ፎቶ አለ፤ ልጅቷ መጀመሪያ ቀን ትምህርት ቤት ስትገባ፣ ጥርሷ ሲወልቅ። እናት የሆነች ሰው ልጇ ስታድግ ያየችው በእነዚያ ፎቶዎች ብቻ ነው። ፓስዎርዱን ታውቀዋለች። አካውንቱ የራሷ ነው። ግን በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ የሚያውቀው እሷን ሳይሆን የስልክ ቁጥሯን ነው፤ ቁጥሩ ደግሞ ሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ነው።

በጽሑፍ መልእክት የሚመጣ ኮድ ያናደደኝ ያን ማታ ነው፤ ንዴቴም እስካሁን አልበረደም። ባንኩም፣ ኢሜይሉም፣ መገበያያውም «ለደኅንነትዎ» እያለ ስልክ ቁጥር ይጠይቀናል። ስልክ ቁጥር ግን ኪራይ ቤት ነው። ባለቤቱ የስልክ ኩባንያው ነው። ካርድ ሳትሞሉ ከቆያችሁ፣ አገር ከቀየራችሁ፣ የመኖሪያ ፈቃዳችሁ ካበቃ ቁጥሩ ይወሰድና ለቀጣዩ ተከራይ ይሰጣል። እናንተ ደግሞ የንብረታችሁን ቁልፍ እዚያው ግድግዳ ላይ ሰቅላችሁ ወጥታችኋል።

ይህ የእህቴ ክፉ ዕድል ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። እ.ኤ.አ. በ2021 የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ሁለት ትልልቅ የስልክ ኩባንያዎች ለአዲስ ደንበኛ ከሚያቀርቧቸው ቁጥሮች 259ኙን ወስደው መረመሩ። 171ዱ በታወቁ ድረ ገጾች ላይ ካለ አካውንት ጋር ገና እንደተያያዙ ነበሩ። እንዲህ ያለውን ቁጥር የገዛ ሰው ጠላፊ መሆን አያስፈልገውም። ድረ ገጹን ከፍቶ «ፓስዎርድ ረስቻለሁ» የሚለውን ይጫናል፤ ኮዱ ስልኩ ላይ ይመጣለታል። በቁጥር ብቻ ፓስዎርድ የሚያስቀይር ድረ ገጽ ከሆነ በቃ፣ ገባ። ሁለተኛ ቁልፍ ተብሎ የተሰጣችሁ ነገር ብቸኛው ቁልፍ ሆኖ አረፈው። እህቴን ያዳናት የዚያ ሰውዬ ጨዋነት ነው። በማላውቀው ሰው ጨዋነት ላይ የተንጠለጠለን ነገር ደግሞ ጥበቃ ብዬ አልጠራውም።

ቁጥሩ በእጃችሁ እያለም ሊወሰድ ይችላል። ሌባ በእናንተ ስም «ሲሜ ጠፋብኝ» ብሎ ምትክ ሲም ያስወጣል፤ ሠራተኛውን ያታልላል ወይም ጉቦ ይሰጣል። የእናንተ ስልክ ድንገት ኔትወርክ ያጣል፤ እናንተ ኔትወርኩን ስትራገሙ መልእክታችሁ እሱ ጋ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2019 የትዊተር ዋና ሥራ አስኪያጅ የነበረው ጃክ ዶርሲ ራሱ ቁጥሩ በስልክ ኩባንያው በኩል ተወስዶበት በገዛ ድርጅቱ ገጽ ላይ በስሙ ጸያፍ ነገር ተጻፈበት። ስለዚህ ስልካችሁ በጠራራ ፀሐይ ለረጅም ሰዓት ኔትወርክ አጥቶ የሌላው ሰው ስልክ ከሠራ፣ ወዲያው በሌላ ስልክ ለኩባንያው ደውሉ።

የኦተንቲኬተር አፕ ኮድ ሌላ ነገር ነው። ልዩነቱ ብዙ ሰው እንደሚያስበው የማማር ወይም የመዘመን አይደለም፤ ኮዱ ከማንም አይላክም። መጀመሪያ ስታዘጋጁት ስክሪን ላይ የሚታየውን ባለ አራት ማዕዘን ኪውአር ኮድ በስልካችሁ ካሜራ ታነሳላችሁ። በዚያች ቅጽበት አንድ ረጅም ምስጢራዊ ቃል ወደ ስልካችሁ ይገባል። ያንን ቃል የሚያውቁት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ስልካችሁና አካውንቱ ያለበት ድርጅት። ከዚያ በኋላ ሁለቱም በየራሳቸው ሰዓት ይቆጥራሉ፤ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 1970 ጀምሮ ስንት 30 ሰከንድ እንዳለፈ። ያንን ቁጥር ከምስጢሩ ጋር አዋሕደው ስድስት አኃዝ ያወጣሉ። ምስጢሩም ሰዓቱም አንድ ስለሆነ ሁለቱም ጋ ያው ስድስት አኃዝ ይወጣል። ሲም አውጥታችሁ ጣሉት፣ ኢንተርኔት ዝጉት፣ አውሮፕላን ላይ ሁኑ፣ ኮዱ ይሠራል። እህቴ ይህንን ጅዳ እያለች አዘጋጅታ መጠባበቂያ ኮዶቿን ብትይዝ ኖሮ፣ ሲሙን ቀይ ባሕር ውስጥ ብትወረውረውም ፎቶዎቿ አይጠፉም ነበር።

ሰዓት ካልኩ አይቀር፣ የእኛን አገር ሰው ለብቻው የሚያሰናክል አንድ ነገር አለ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ አፑን ካወረደ ጀምሮ ኮዱ «የተሳሳተ ነው» እየተባለ ሊያጠፋው ተነሥቶ ነበር። ስልኩን ተቀብዬ አየሁት። ጠዋት ነው፤ የእኔ ስልክ 9፡20 ይላል፣ የእሱ 3፡20። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ማየት ስለሚወድ ሰዓቱን በእጁ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መልሶታል። ስድስት ሰዓት ማለት ለአፑ 720 ኮድ ወደ ኋላ መቅረት ነው። ሰዓቱን ስልኩ ራሱ እንዲያስተካክል አድርገን የአዲስ አበባን ሰዓት ስንመርጥ የመጀመሪያው ኮድ ተቀባይነት አገኘ። የኢትዮጵያ ሰዓት ማየት የምትፈልጉ ለዚሁ የተሠራ የሰዓት አፕ ጫኑ እንጂ የስልኩን ሰዓት አትንኩ።

አሁን የሚመልሱልኝን አውቃለሁ። «እኔን ማን ይፈልገኛል? የጽሑፍ መልእክቱ ይበቃኛል» የሚሉ አሉ። ከምንም ይሻላል፤ ይህን አልክድም። ጎግል ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ውጤት፣ በጽሑፍ መልእክት የሚላክ ኮድ በጅምላ ከሚበተን ማጥመጃ 96 ከመቶውን አግዷል። ሆን ብሎ አንድ ሰው ላይ ካነጣጠረ ጥቃት ግን ያገደው 76 ከመቶውን ነው። ያነጣጠረባችሁ ሰው ደግሞ የግድ የውጭ ጠላፊ አይደለም፤ ከውጭ ገንዘብ እንደሚላክላችሁ የሚያውቅ የሰፈር ሰው ሊሆን ይችላል። አካውንታችሁን ከያዘ በኋላ ዋሽንግተን ላለችው አክስታችሁ በእናንተ ስም «ታምሜ ሆስፒታል ነኝ» ብሎ ይጽፍላታል።

አፑም የማይችለው ነገር አለ፣ እውነቱን ልናገር። አስመስሎ በተሠራ የውሸት ገጽ ላይ ኮዱን በእጃችሁ ከጻፋችሁት፣ ወይም ደውሎ ለጠየቃችሁ ሰው ካነበባችሁለት፣ ሌባው ጊዜው ሳያልፍ ይጠቀምበታል። እዚህ ላይ ሁለቱም ኮድ እኩል ነው። የአፑ ጥቅም ቁጥራችሁን የወሰደ ሰው ምንም የማያገኝ መሆኑ ነው።

ሌላው ፍርሃት «ስልኬ ቢጠፋስ?» የሚለው ነው። ተገቢ ፍርሃት ነው፤ መልሱም ወረቀት ነው። ጂሜይልን ልውሰድ። `myaccount.google.com` ከፍታችሁ `2-Step Verification` ውስጥ ግቡ። `Authenticator` የሚለውን መርጣችሁ ኪውአር ኮዱን አንሡ፤ አፑ ያወጣውን ስድስት አኃዝ አስገቡ። ቀጥሎ `Backup codes` የሚለውን ክፈቱ። አሥር ኮድ ይሰጣችኋል፤ እያንዳንዱ ስምንት አኃዝ ነው፤ እያንዳንዱም አንዴ ብቻ ይሠራል። በወረቀት ጻፏቸው። ስክሪኑን ፎቶ አንሥታችሁ እዚያው ስልክ ውስጥ ማስቀመጥ ምንም አይጠቅምም፤ ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

ብዙ ሰው የሚዘልለው ቀጣዩን ነው፤ እኔም ስዘልለው ኖሬያለሁ። አፑን ስታስገቡ የድሮው ስልክ ቁጥር በራሱ አይወጣም። ሌባው «ሌላ መንገድ ልሞክር» የሚለውን ከተጫነ ኮዱ አሁንም በጽሑፍ መልእክት ይላካል። አዲስ የብረት በር አስገብታችሁ የጓሮውን በር ክፍት ተዋችሁት ማለት ነው። ስለዚህ አፑ መሥራቱን ካረጋገጣችሁና ወረቀቱን ከጻፋችሁ በኋላ ቁጥሩን ከዚያው ዝርዝር አጥፉት።

ቴሌግራም ይህን አፕ አይቀበልም፤ መግቢያው ስልክ ቁጥር ነው። እዚያ `Two-Step Verification` ከፍታችሁ የራሳችሁን ፓስዎርድ አስገቡ፤ ቁጥራችሁ ሌላ ሰው እጅ ቢገባ እንኳ መልእክቶቻችሁን ከፍቶ አያነብም። ሲም ልትጥሉ ከሆነም ሳትጥሉት በፊት የቴሌግራሙን ቁጥር ወደ አዲሱ ቀይሩ።

ለድርጅቶቹም የምለው አለኝ። የኦተንቲኬተር ኮድ የሚሠራበት ስልት እ.ኤ.አ. በ2011 በይፋ ታትሞ የወጣ፣ ማንም በነፃ የሚጠቀምበት ነው። ለእያንዳንዱ ኮድ ለስልክ ኩባንያ የምትከፍሉትም ይቀርላችኋል። ታዲያ የእኛን ገንዘብና ወረቀት ይዛችሁ፣ ከጽሑፍ መልእክት ሌላ ምርጫ የማትሰጡን በምን ምክንያት ነው? ሲም የተወሰደበትን ደንበኛ «ጥንቃቄ ጎድሎዎት ነው» ስትሉትስ አታፍሩም?

የአጎቴ ልጅ በሚቀጥለው ወር ለሥራ ዱባይ ይሄዳል። እሑድ ቤት ጠርቼው ለኢሜይሉ የኦተንቲኬተር አፑን አብረን አስገባን፤ ቁጥሩን ከዝርዝሩ አጠፋን። አሥሩን ኮዶች እህቴ በራሷ እጅ ሁለት ወረቀት ላይ ገለበጠች፤ አንዱን ፓስፖርቱ ውስጥ አስገባችለት፣ ሌላውን እናታችን የቤቱን ካርታ ከምታስቀምጥበት ሣጥን ውስጥ ከተተችው።