«200 ወጣቶች ሠለጠኑ» ማለት ሥራ ያዙ ማለት አይደለም

ባሕር ዳር ወደ ዘንዘልማ እየሰፋች ስትሄድ፣ ከአባቱ የሚወርሰው የእርሻ መሬት ያጣ ወጣት ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ለእነዚህ ልጆች የብረታ ብረት ሙያ ለማሠልጠን ለለጋሽ ድርጅት ፕሮፖዛል ተጻፈ እንበል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ሎጂክ ሞዴል ከሚባለው ሰንጠረዥ ነው።

ሰንጠረዡ «ይህን ካደረግን ይህ ይሆናል» የሚል ሰንሰለት ነው። ገንዘብና አሠልጣኝ ካለ ሥልጠና ይሰጣል፤ ሥልጠና ከተሰጠ 200 ወጣቶች ይሠለጥናሉ፤ ከሠለጠኑ ሥራ ይይዛሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት እርምጃዎች በፕሮጀክቱ እጅ ናቸው። ሦስተኛው ግን አይደለም። የሲኦሲ ምዘና ያለፈ በያጅ መሥሪያ ቦታ፣ በቂ ኃይል ያለው መብራት፣ የብየዳ ማሽን እና በርና መስኮት የሚያዝ ደንበኛ ይፈልጋል። ፕሮፖዛሎቻችን ይህን ሁሉ «ታሳቢዎች» በሚለው ዓምድ ውስጥ «የመንግሥት ድጋፍ ይቀጥላል» ብለው ያልፉታል። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ ሳይሟላ ከቀረ ፕሮጀክቱን የሚገድል ነገር ታሳቢ መሆን የለበትም፤ ተግባር ሆኖ በጀት ሊያዝለት ይገባል።

ሁለተኛው ጉዳይ አመላካቹ ነው። «ሥራ ያገኙ ሠልጣኞች በመቶኛ» የሚለውን እንውሰድ። 200 ተመዘገቡ፤ 160 ጨረሱ፤ ከስድስት ወር በኋላ በስልክ የተገኙት 120 ናቸው፤ ከእነዚህ 84ቱ «እየሠራሁ ነው» አሉ። ሪፖርቱ 84ን ለ120 አካፍሎ 70 በመቶ ይላል። ለተመዘገቡት 200 ቢካፈል ግን 42 በመቶ ነው። ከ84ቱ 30ዎቹ ከሥልጠናው በፊትም ይሠሩ ከነበረ፣ አዲስ ሥራ ያገኙት 54 ብቻ ናቸው፤ ይህም 27 በመቶ ነው። ማንም አልዋሸም፤ ግን አካፋዩ እና መነሻው አስቀድሞ አልተጻፈም።

«ሥራ» የሚለው ቃልም መፈታት አለበት። በዓለም ሥራ ድርጅት የስታቲስቲክስ መለኪያ በሳምንት አንድ ሰዓት ለክፍያ የሠራ ሰው ሥራ እንዳለው ይቆጠራል። ለአገር ቆጠራ ይጠቅም ይሆናል፤ ለፕሮጀክታችን ግን አንድ ቀን ጭነት ያወረደ ልጅም ስኬት ሊባል ነው። ስለዚህ አመላካቹ ባለፈው ወር ስንት ቀን እንደሠራ እና ስንት ብር እንዳገኘ ይጠይቅ፤ ያው ጥያቄ በምዝገባ ቀንም ይጠየቅ።

«27 በመቶ ብለን ብንጽፍ ማን ገንዘብ ይሰጠናል?» የሚል ይኖራል። 80 በመቶ ቃል የገባ ፕሮጀክት ግን ቁጥሩን ለመሙላት ያለ እሱም ሥራ የሚያገኘውን፣ ዘመድና ትምህርት ያለውን የከተማ ልጅ ይመርጣል። መሬቱ የሄደበት የዘንዘልማ ገበሬ ልጅ፣ ፕሮፖዛሉ በስሟ የተጻፈላት፣ ከምዝገባው በር ላይ ትቀራለች።