ጎበዝ፣ ቢትሎከር አይሰበርም!

በየኮምፒውተር ጥገናው በርና በየቴሌግራሙ አንድ ማስታወቂያ እየበዛ ነው፦ «ቢትሎከር ቁልፍ የጠፋባችሁ፣ ሰብረን ዳታችሁን እናወጣለን»። እኛ ደግሞ እንላለን፦ ይህን የሚል ሰው ከሁለት አንዱን እያደረገ ነው። ወይ ያልጠፋ ቁልፍ ፈልጎ አግኝቶ «ሰበርኩት» ይላል፣ ወይ ደግሞ የማይችለውን እየሸጠ ነው። ሦስተኛ መንገድ የለም አንልም፤ አለ፣ ግን እጅግ ጠባብ ነው። እሱንም ወደ ታች እንነግራችኋለን።

ነገሩ የሚጀምረው በሰማያዊ ስክሪን ነው። ማታ በደህና የተዘጋ ላፕቶፕ ጠዋት ሲከፈት «48 አሃዝ ቁጥር አምጣ» ይላል። ባለቤቱ እንዲህ ያለ ቁጥር አይቶም ሰምቶም አያውቅም። «እኔ ምንም አልቆለፍኩም» ብሎ ይምላል። እውነቱን ነው። የቆለፈው ዊንዶውስ ነው። ከዊንዶውስ 8.1 ጀምሮ፣ ማሽኑ መስፈርቱን ካሟላና ሰው በማይክሮሶፍት አካውንት ከገባ ዲስኩ በራሱ ጊዜ ይመሰጠራል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የዊንዶውስ 11 24H2 እትም ደግሞ መስፈርቱን አላልቶ፣ እንደ አዲስ ሲጫን ከበፊቱ ብዙ ማሽኖችን የሚቆልፍ ሆኗል።

መቆለፉን አንቃወምም። ላፕቶፑ ታክሲ ውስጥ ለተረሳበት ወይም ለተሰረቀበት ሰው መቆለፉ በረከት ነው። የምንቃወመው ሰውን ሳያሳውቁ ቤቱን መቆለፍን ነው። ቁልፉ የት እንደተቀመጠ በግልጽ ያልተነገረው ሰው ቁልፍ አለው አይባልም። ደግሞም ስክሪኑ እንዲመጣ ሌባ መኖር የለበትም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ማይክሮሶፍት ራሱ የለቀቀው ማሻሻያ አንዳንድ ማሽኖችን ያለ ምክንያት ቁልፍ አስጠይቋል፤ ኩባንያው ችግሩን አምኖ በቀጣዩ ወር አስተካክሎታል።

ለመሆኑ ቁልፉ ምንድን ነው? ዲስኩ ላይ ያለው ፋይል ሁሉ በአንድ ቁልፍ ተመስጥሯል። ያ ቁልፍ በሌላ ዋና ቁልፍ ተቆልፎ እዚያው ዲስኩ ላይ ተቀምጧል። ዋናው ቁልፍ ደግሞ ከአንድ በላይ የታሸገ ግልባጭ አለው፤ እያንዳንዱ ግልባጭ የራሱ መክፈቻ አለው። የአንደኛው መክፈቻ ያለው ቲፒኤም የምትባል የደህንነት ቺፕ ዘንድ ነው። በየቀኑ ቁጥር ሳንጠየቅ የምንገባው እሷ በዝምታ ስለምትከፍትልን ነው። የሌላው መክፈቻ ያ 48 አሃዝ ነው። ቲፒኤም ታዲያ ተጠራጣሪ ናት። ማሽኑ ሲነሳ እንደ ድሮው መሆኑን ለክታ ካላረጋገጠች አትከፍትም። ባዮስ ሲታደስ ልትዘጋ ትችላለች፤ ሴኪዩር ቡት ሲነካ፣ ማዘርቦርድ ሲቀየር ትዘጋለች። ዲስኩ ተነቅሎ ሌላ ማሽን ላይ ሲሰካማ ጭራሽ እሷ የለችም።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል፤ ሁለቱንም ብዙ ጥገና ቤቶቻችን የሚያውቁት አይመስልም። አንደኛ፣ ዲስኩን ነቅሎ በኬብል ማገናኘት ምንም አያመጣም። ይልቁንም ዲስኩ ተነቅሎ እስካለ ድረስ ያለ ቁጥር ለመግባት የነበረውን ዕድል ይዘጋል። ሁለተኛ፣ 48 አሃዙ ብቻውን ዳታ አይመልስም። እሱ የሚከፍተው የታሸገ ሳጥን ዲስኩ ላይ ነው ያለው። ፎርማት ተደርጎ ሳጥኑ ከጠፋ፣ ቁጥሩ ነገ በወርቅ ተጽፎ ቢገኝ እንኳ የሚከፍተው ነገር የለም። ድሮ ፎርማት ከተደረገ ሃርድ ዲስክ በሪከቨሪ ሶፍትዌር ፎቶ ይወጣ የነበረው ፋይሉ በግልጽ ተጽፎ ስለነበር ነው። የተመሰጠረ ዲስክ ላይ ያው ሶፍትዌር የሚያየው ትርጉም የሌለው ዝብርቅርቅ ብቻ ነው።

«እሺ፣ ቁጥሩን በግምት ብንሞክረውስ?» ለሚሉን ሒሳቡ ይኸውና። ቁጥሩ ስድስት ስድስት አሃዝ ያላቸው 8 ምድቦች ናቸው። እያንዳንዱ ምድብ ለ11 ያለ ቀሪ መካፈል አለበት፤ ስለዚህ ለአንድ ምድብ ያሉት አማራጮች 65,536 ብቻ ናቸው። ትንሽ ይመስላል። ስምንቱ ሲባዙ ግን ከ340 ቢሊዮን ቢሊዮን ቢሊዮን ቢሊዮን ይበልጣሉ። በሰከንድ አንድ ትሪሊዮን የሚሞክር ማሽን ቢኖር ሁሉንም ለመጨረስ ከ10 ቢሊዮን ቢሊዮን ዓመት በላይ ይፈጅበታል። በዚያ ላይ ለእያንዳንዱ ሙከራ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ዙር ስሌት እንዲጠይቅ ተደርጎ ተሠርቷል። ከሱቁ ጀርባ ያለች አንዲት ኮምፒውተር ይህን «እስከ ሐሙስ» ትጨርሳለች የሚላችሁን ሰው ፊቱን እያያችሁ ሳቁበት።

አሁን ወደ አንድ ጉዳይ እንለፍ። የማስተርስ ተማሪ ጓደኛ አለን። ላፕቶፑን የላከችለት ቨርጂኒያ ያለች አክስቱ ናት። ማሽኑ እየሞቀ ሲያስቸግረው ጥገና ቤት ወሰደው። ባለሙያው ማራገቢያውን አጽድቶ፣ ሳይጠየቅ ባዮሱንም አደሰለት። ሰማያዊው ስክሪን መጣ። መፍትሔ ተብሎ የቀረበው «ፎርማት እናድርገው» ነበር። ውስጡ ለመመረቂያ ጽሑፉ በሁለት ዓመት የሰበሰበው የቃለ ምልልስ ድምፅ አለ። ሌላ ሱቅ ደግሞ 8,000 ብር ጠይቆ፣ ዲስኩን ነቅሎ፣ ሁለት ቀን አቆይቶ «ዲስኩ ተበላሽቷል» አለው። ዲስኩ አልተበላሸም። ተቆልፎ ነው።

የተሠራው ሥራ ይህ ነው። ዲስኩ ወደ ራሱ ማሽን ተመለሰ። ስክሪኑ ላይ `Recovery key ID` ከሚለው ቀጥሎ ያሉት የመጀመሪያዎቹ 8 ፊደላትና ቁጥሮች ተጻፉ። ይህ ቁልፉ አይደለም፤ የትኛው ቁልፍ እንደሚፈለግ የሚናገር ምልክት ነው። ከዚያ ልጁ በራሱ ኢሜይል ገብቶ ፈለገ፤ የለም። ማሽኑ 24H2 ስለነበረ ግን ስክሪኑ ቁልፉ የተቀመጠበትን አካውንት ኢሜይል በከፊል ሸፍኖ ያሳያል። የመጀመሪያው ፊደል የእሱ አልነበረም፤ የአክስቱ ነበር! ለካ ላፕቶፑን ስትገዛ «ይሠራል ወይ» ብላ በራሷ አካውንት ከፍታዋለች። ዲስኩ ያኔ ተቆለፈ፤ ቁልፉም እሷ ዘንድ ሄደ። ልጁ በኋላ የራሱን ስም ሲያስገባ ቁልፉን የነካው የለም።

«አክስቴ፣ እስቲ ይህን ገጽ ክፈቺልኝ» ብሎ `account.microsoft.com/devices/recoverykey` ላከላት። ሁለት ቁልፎች ወጡ፤ አንዱ የራሷ ኮምፒውተር፣ ሌላው ምልክቱ ከስክሪኑ ጋር አንድ የሆነ። በስልክ ስድስት ስድስት አሃዝ እያነበበችለት አስገባ። ተከፈተ። መጀመሪያ ድምፆቹን ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ ገለበጠ፣ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ሆነ። ወጪው የስልክ ጥሪ ነው።

እንግዲህ «ጠፋ» የተባለ ቁልፍ ብዙ ጊዜ የሌላ ሰው አካውንት ውስጥ ነው ያለው፦ ከውጭ የላከው ዘመድ፣ ዊንዶውሱን የጫነው ባለሙያ፣ ማሽኑን የሰጠው መሥሪያ ቤት ወይም ዩኒቨርሲቲ። መሥሪያ ቤት ከሆነ የአይቲ ክፍሉ መዝገብ ላይ ይፈለጋል። የማይክሮሶፍት ድጋፍ ክፍል ግን የጠፋን ቁልፍ ሊያወጣም ሆነ እንደገና ሊሠራ አይችልም።

ያ ጠባብ መንገድስ? አራት ቦታ አለ። ባዮስ ላይ የተነካው ቅንብር ብቻ ከሆነ፣ ለምሳሌ ሴኪዩር ቡት ተዘግቶ ከሆነ፣ ወደነበረበት ሲመለስ ቲፒኤም እንደገና ልትከፍት ትችላለች። ሁለተኛ፣ ማንም በማይክሮሶፍት አካውንት ገብቶ የማያውቅ ከሆነ፣ ዲስኩ ተመስጥሮ ቁልፉ ግን ሳይታሸግ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ሌላ ዊንዶውስ ላይ ሲሰካ ያለ ቁጥር ይከፈታል። ሦስተኛ፣ ቁጥሩ የተጻፈበት ወረቀት ተገኝቶ አንድ አሃዝ ደብዝዞ ከሆነ የ11 ሕግ ያድናል። ምድቡ 41?326 ቢሆን ከአሥሩ አማራጮች ለ11 የሚካፈለው 414326 ብቻ ነው። አራተኛ፣ በቲፒኤም ብቻ በሚከፈቱ አንዳንድ ማሽኖች ላይ ተመራማሪዎች ቁልፉን ከቺፑ መስመር ላይ ጠልፈው አሳይተዋል። ይህ ግን ዋናው ማዘርቦርድ ደህና ሆኖ፣ ቲፒኤምም ገና እየከፈተች ሲሆን ብቻ ነው። አንዴ ከዘጋች የሚጠለፍ ነገር የለም።

ለጥገና ቤቶች የምንለው አጭር ነው። ባዮስ ከመንካታችሁ በፊት በአድሚኒስትሬተር የምትጻፍ አንዲት መስመር አለች፤ ጥበቃውን ለጊዜው ታነሳለች፣ ማሽኑ ሲነሳም ይመለሳል፦

```
manage-bde -protectors -disable C:
```

ይህችን መስመር ሳይጽፉ የሰው ባዮስ ማደስ ጥገና አይደለም፤ የሰው ንብረት ላይ ቁማር መጫወት ነው። «ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ከመጠየቅ በፊትም «ላፕቶፑን መጀመሪያ የከፈተው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይቅደም።

ላፕቶፓችሁ ዛሬ እየሠራ ላለው ደግሞ፣ ቁልፉ አሁን በእጃችሁ ነው፤ ነገ ላይሆን ይችላል። ይህንንም በአድሚኒስትሬተር ጻፉና የሚወጣውን 48 አሃዝ ወረቀት ላይ ገልብጡ፣ ወረቀቱንም ከላፕቶፑ ቦርሳ ውጭ አስቀምጡ፦

```
manage-bde -protectors -get C:
```

ማሽኑን ከውጭ የላከላችሁ ዘመድ ካለም ዛሬውኑ ደውሉለት። ያንን መሣሪያ ከአካውንቱ ዝርዝር ላይ «የማላውቀው ነው» ብሎ ከመሰረዙ በፊት ቁልፉን ገልብጦ ይላክላችሁ።