«ኬን፣ ኬን» ከማለት «እግዜር ይስጥልን» ማለት

ከሮሽ ሀሻናና ከፔሳህ በፊት ባሉት ሳምንታት ስልካችን አያርፍም። ከሚደውሉት ብዙዎቹ ስማቸውን የምናውቃቸው፣ ለችግረኛ ምግብ የሚያከፋፍሉ፣ በሽተኛ የሚረዱ ዐሙታዎች ናቸው። ሌባ ቢሆን እንዘጋበት ነበር፤ ደግ ሥራ የሚሠራን ሰው ግን ምን ብለን እንመልሰው?

እኛ ሰው አቋርጠን መመለስ አይሆንልንም፣ ወላጆቻችን ደግሞ ይብስባቸዋል። ደዋይዋ በፈጣን ዕብራይስጥ ስታወራ እነሱ «እየሰማሁሽ ነው» ለማለት «ኬን፣ ኬን» ይላሉ። በእኛ ዘንድ ጨዋነት ነው፤ እዚያ ማዶ ግን እሺታ ተደርጎ ይወሰዳል። የካርድ ቁጥር ከተነገረ በኋላ በወር 50 ሸቀል ይቆረጣል፣ በዓመት 600። በጡረታ ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

ምክንያት መስጠትም አያዋጣም። «አሁን የለኝም» ካልናት ከ50 ወደ 30 ትወርዳለች፣ ከዚያ ወደ 18፣ «ሃይ» ነው በረከት አለው ብላ። ክፋት አይደለም፤ ፊቷ ያለው ወረቀት እንዲህ በይ ይላታል። «በሚቀጥለው ሳምንት ደውይልኝ» ማለት ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። ለእኛ የትሕትና እምቢታ ነው፣ እሷ ግን ቀጠሮ ብላ ትጽፈዋለች፤ ትደውላለችም።

አገር ቤት ለማኝ ደጃፍ ሲቆም እጃችን ባዶ ከሆነ «እግዜር ይስጥልን» እንል ነበር። ምክንያት አንዘረዝርም፣ አንቆጣም፤ እሱም ገብቶት ወደሚቀጥለው በር ይሄዳል። በዕብራይስጥም እንደዚያው አጭር መሆን ይቻላል፦ «ቶዳ ራባ፣ አኒ ሎ ቶሬም ባቴሌፎን፣ በሃጽላሃ»፤ ሴት ከሆነች «ቶሬመት» ትላለች። አመሰግናለሁ፣ በስልክ አልሰጥም፣ ይቅናችሁ ማለት ነው። ደግማ ከጠየቀች ያንኑ ደግሞ በሰላም መዝጋት ነው። ዳግም እንዳይደውሉ ከተፈለገ «ታሲሩ ኦቲ መሃረሺማ፣ ባቫካሻ»፣ ማለትም ከዝርዝሩ አውጡኝ። በጽሑፍ ለሚመጣው መልእክት הסר ብሎ መመለስ ነው።

መጮህ ግን ነውር ነው። ደዋይዋ በሰዓት የሚከፈላት ተማሪ ልትሆን ትችላለች፤ ምናልባትም የጎረቤታችን ልጅ። ፈጥኖ የመጣ «አይ» እሷንም ጊዜ ያተርፍላታል።

ስልኩን ከዘጋን በኋላ ለምን ይከፋናል? ጎንደር ለቀረ ዘመድ የምንልከው፣ ለለቅሶ የምናዋጣው ጸዳቃ አይደለም እንዴ? በሃላኻም ቢሆን የራስ ዘመድ ከሌላው ችግረኛ ይቀድማል። ያን የሰጠ ሰው ለደወለው ሁሉ ዕዳ የለበትም።

ወላጆቻችን ጋ ስንሄድ የባንክና የካርድ ወረቀታቸውን አብረን እንይ። የማያውቁት ሆራአት ኬቫ ከተገኘ መጀመሪያ ወደ ዐሙታው ደውሎ «አቁሙልን» ማለት ይበቃል። ካላቆሙ በባንኩ ወይም በካርዱ ድርጅት በኩል ማሰረዝ ይቻላል። እማማ ግን አጠገባችን ቁጭ ብለው ይስሙ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ራሳቸው እንዲመልሱ።